ከአርባ ምንጭ የተመለስንበት ሂሳብ

በመጀመሪያው ጉዟችን አምስተኛ ቀን ጠዋት፣ ወላይታ ሶዶ ላይ ቁርስ እየበላን ሳለ የጋራ ገንዘባችን አለቀ። አዲስ አበባ ለመግባት ገና ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ይቀረናል፤ የመኪናው ነዳጅ ከሩብ በታች ነው፤ ለቁርሱ እንኳ የሚከፈለው ገንዘብ ከአንዱ ኪስ ወጣ። ገንዘብ ያዡ እኔ ነበርኩ። አንድም ሰው አልቆጣኝም፤ ግን ከዚያ ደቂቃ ጀምሮ ማን ስንት እንዳወጣ ማንም በግልጽ ሳያወራ ሁሉም በልቡ መቁጠር ጀመረ። የቀረው መንገድ ዝም ያለ ነበር። የመኪናዋ ባለቤት እቤቷ ደርሳ በማግስቱ ነዳጁን ለመሙላት ብቻዋን እንደከፈለች የሰማሁት ከወር በኋላ ነው፤ ዛሬም ሳስበው ያመኛል።

ከዓመት ተኩል በኋላ እነዚያው አምስት ሰዎች፣ በዚያችው መኪና፣ በዚያው መንገድ ሄድን። በዚህኛው ጊዜ ገንዘብ ተረፈን፣ ተመለሰልንም። ልዩነቱን ያመጣው ብዙ ማዋጣታችን አልነበረም፤ ሂሳቡን የሠራንበት መንገድ ነበር። የምጽፈው ይህንን መንገድ ነው። የጠቀስኳቸው ዋጋዎች የእኛ ጉዞ ዋጋዎች ናቸው። ነዳጅም አልጋም ምግብም በየጊዜው ስለሚጨምር ቁጥሮቹን በራሳችሁ ተክታችሁ አሠራሩን ተከተሉ።

ጉዞው አምስት ቀንና አራት ሌሊት ነው። ከአዲስ አበባ በፍጥነት መንገዱ ወደ ሐዋሳ፣ አንድ ሌሊት እዚያ፤ በማግስቱ በሻሸመኔና በሶዶ አድርጎ አርባ ምንጭ፣ ሁለት ሌሊት፤ አራተኛው ሌሊት ሶዶ፤ ከዚያ በሆሳዕናና በቡታጅራ በኩል ወደ ቤት። ሦስት ወንዶችና ሁለት ሴቶች ነን፤ ይህ የጾታ ቁጥር ለምን እንደሚያስፈልግ ወደ አልጋው ስንደርስ ይገባችኋል። መኪናዋ አሮጌ ራቭ ፎር ናት።

ከነዳጁ ልጀምር፤ መጀመሪያ የተሳሳትኩት እዚያ ላይ ነውና። በመጀመሪያው ጉዞ ስልኬ ላይ ያለውን ካርታ ከፍቼ ርቀቱን ደመርኩ፦ አዲስ አበባ–ሐዋሳ ወደ 275፣ ሐዋሳ–አርባ ምንጭ ወደ 275፣ አርባ ምንጭ–አዲስ አበባ ወደ 440፤ በድምሩ 990 ኪሎ ሜትር። የመኪናዋን ባለቤት «በሊትር ስንት ትሄዳለች?» ብዬ ጠየቅኋት፤ «መንገድ ላይ አሥራ ሁለት ትሄዳለች» አለችኝ። 990 ለ12 ሲካፈል 82 ሊትር ተኩል መጣ። እሱን ጻፍኩ፤ በእሱ ላይ ተመሥርተን አዋጣን።

የወሰደችው ግን ወደ 129 ሊትር ነበር። ሊትሩን በ130 ብር ብናስበው የገመትነው 10,725 ብር፣ የሆነው ደግሞ 16,770 ብር ማለት ነው። የነዳጁ ዋጋ ስላልተለወጠ የ6,000 ብሩን ስሕተት በዋጋ ማሳበብ አልችልም። ሁለቱም ቁጥሮቼ፣ ርቀቱም የሊትሩ ጉዞም፣ የተሳሳቱ ነበሩ።

ርቀቱን እንውሰድ። ካርታ የሚነግራችሁ ከከተማ ወደ ከተማ ያለውን ነው። አርባ ምንጭ ገብቶ ግን መኪናውን አቁሞ የሚቀመጥ ሰው የለም። ዶርዜ ደርሶ መልስ 75 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጫሞ ሐይቅ ወደ ጀልባው መነሻ መሄድ አለ፤ ለእራት መውጣት፣ መድኃኒት ቤት መፈለግ፣ ነዳጅ ያለበትን ማደያ ለመፈለግ ከተማውን ሁለት ጊዜ መዞር አለ። በመጀመሪያው ጉዞ መጨረሻ የመኪናዋ ቆጣሪ ያሳየው 1,240 ኪሎ ሜትር ነበር፤ ከካርታው በአንድ አራተኛ የበለጠ። ስለዚህ ለሁለተኛው ጉዞ 990 ላይ የዶርዜን 75 ጨመርኩ፤ ለከተማ ውስጥ መንቀሳቀስ በቀን 20 ኪሎ ሜትር ብዬ 100 ጨመርኩ፤ በዚህ በ1,165 ላይ ለማይታሰበው አምስት በመቶ ያህል አክዬ 1,220 ያዝኩ። የተጓዝነው 1,236 ሆነ።

የሊትሩን ነገር ለማወቅ ደግሞ መለካት እንጂ መጠየቅ አይበጅም። ባለቤቷ አልዋሸችም፤ የነገረችን ብቻዋን ስትነዳ የምታውቀውን ነው። አምስት ሰው፣ የአምስት ሰው ሻንጣ፣ ቆላ ሲገባ የሚከፈት ማቀዝቀዣ፣ በፍጥነት መንገዱ ላይ ከ100 በላይ መንዳት፣ እነዚህ ሁሉ ሲደራረቡ ያቺው መኪና ሌላ መኪና ትሆናለች። ከሁለተኛው ጉዞ በፊት ባለው እሑድ አምስታችንም ተጭነን አዳማ ምሳ በልተን ተመለስን። ስንነሳ አንድ ማደያ ገብተን የመቅጃው አፍንጫ በራሱ «ቀጭ» ብሎ እስኪቆም ድረስ ሞላን፤ ከዚያ በላይ አልጨመርንም፤ የጉዞ ቆጣሪውን ወደ ዜሮ መለስነው። ስንመለስ እዚያው ማደያ፣ እዚያው ማሽን ላይ ቆመን እንደገና እስኪቆም ሞላን። የሄድነውን ኪሎ ሜትር በሁለተኛው ጊዜ በገባው ሊትር አካፈልን፤ ዘጠኝ ተኩል መጣ። አሥራ ሁለት አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አደራ እላለሁ። መለኪያው ጉዞ ደርሶ መልስ ይሁን እንጂ መሄጃውን ብቻ ለክታችሁ አትመኑት። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሐዋሳ 1,700፣ አርባ ምንጭ 1,300 ገደማ። ስንሄድ እየወረድን ነው፤ መኪናው በገዛ ክብደቱ ይታገዛል። እኛም ሐዋሳ ላይ ስንሞላ መኪናዋ በሊትር ወደ አሥራ አንድ ሄዳ አገኘናትና ደስ አለን። በመጀመሪያው ጉዞ ይህችው ደስታ ናት ያታለለችን፤ «ነዳጁ ተረፈ» ብለን ሐዋሳ ላይ ለአሳ አወጣነው። ስንመለስ ያንን ሁሉ ቁልቁለት አቀበት ሆኖ እናገኘዋለን። ዶርዜም እንዲሁ ነው። ከአርባ ምንጭ ከ1,000 ሜትር በላይ ሽቅብ የሚወጣ፣ ጠመዝማዛ፣ በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ የሚሄዱበት መንገድ ስለሆነ 75 ኪሎ ሜትሩን እንደ ሜዳ 75 አትቁጠሩት። ደርሶ መልስ የተለካ አማካይ አቀበቱንም ቁልቁለቱንም ስለሚይዝ ከዚህ ስሕተት ያድናል።

1,220 ለዘጠኝ ተኩል ሲካፈል 128 ሊትር፣ በ130 ብር 16,700 ብር ገደማ። የወጣው 130 ሊትር ሆነ። ከዚህ በላይ የተጠጋ ግምት አልጠበቅሁም ነበር።

ነዳጅ በገንዘብ ብቻ አይታሰብም፤ የት ይገኛል የሚለውም ዋጋ ነው። የማደያ ዋጋ በመንግሥት የሚወሰን ስለሆነ ከከተማ ከተማ የሚለያየው በማጓጓዣው ልክ በጥቂቱ ነው። ነገር ግን ማደያው «አልቋል» ካለ፣ ወይም ሰልፉ ግማሽ ቀን የሚፈጅ ከሆነ፣ በመንገድ ዳር በሃይላንድ ጠርሙስ የሚሸጠው ይመጣል። በመጀመሪያው ጉዞ አንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ አሥር ሊትር በእጥፍ ሊሆን ምንም ባልቀረው ዋጋ ገዛን፤ ምን እንደተቀላቀለበት የሚያውቅ የለም፣ ሞተሩም ለቀሪው መንገድ ሲያስነጥሰው ነበር። በሁለተኛው ጉዞ ደንባችን አንድ ነበር፦ መርፌው ግማሽ ላይ ሲደርስ በመጀመሪያ ባገኘነው ማደያ መሙላት። ሐዋሳ፣ ሶዶ፣ አርባ ምንጭ፣ ሆሳዕና፣ በእያንዳንዱ ሞላን። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ ክፍያ በቴሌብርና በመሳሰሉት እንዲሆን ስለተደረገ የነዳጁ ገንዘብ በስልክ ላይ እንጂ በኪስ መሆን የለበትም። ኔትወርክ ሲጠፋ ደግሞ በሁለት ሰው ስልክ፣ በሁለት የተለያየ አካውንት መያዙ ይጠቅማል። ገንዘብ ያዡ ብቻውን ይዞት ባትሪው ቢዘጋ አምስት ሰው ማደያ ላይ ይቆማል።

ስለ ፍጥነት መንገዱ ክፍያ የምለው ጥቂት ነው። ቱሉ ዲምቱ ላይ ካርድ ይሰጧችኋል፤ የምትከፍሉት ስትወጡ፣ በተጓዛችሁት ርቀትና በመኪናው ዓይነት ነው። እኛ ሞጆ ላይ ከፍለን፣ ከሞጆ ወደ ባቱ በሚወስደው አዲሱ የፍጥነት መንገድ ላይ ደግሞ ሌላ ከፈልን። ስንመለስ በቡታጅራ በኩል ስለመጣን ምንም አልነበረም። 400 ብር ይዤለት ነበር፤ አልበለጠም። ሰው ለጉዞ ሲገምት ይህንን አጥብቆ ይጠይቃል፤ ገንዘቡን የሚበላው ግን ማንም የማይጠይቀው ነው። የመኪና ጠባቂ አለ፣ የማቆሚያ ክፍያ አለ፣ ለእጥበት አለ፣ ጎማ ቢተነፍስ ጎሚስታ አለ። ለዚህ ሁሉ በቀን 240 ብር ብዬ ለአምስት ቀን 1,200 ያዝኩ። ከመንገድ ክፍያው ጋር 1,600 ሆነ።

አልጋ ላይ ሰው የሚሳሳተው ዋጋውን ባለመጠየቅ አይደለም፤ ስንት አልጋ እንደሚያስፈልግ ባለማወቅ ነው። በመጀመሪያው ጉዞ «አምስት ነን፤ ሁለት ክፍል ይዘን አንድ ፍራሽ እናስጨምራለን» ብለን ነበር። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ሐዋሳ የያዝነው ሆቴል እንግዳ ተቀባይዋ በትሕትና አይቻልም አለች። ብዙ ሆቴሎች ባለ አንድ አልጋ ክፍል ውስጥ ሁለት ወንድ አያስተኙም፤ ለሁለት ወንድ ሁለት አልጋ ያለው ክፍል ይጠይቃሉ፣ እሱም ቁጥሩ ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ይያዛል። ፍራሽም የሚጨምሩ አሉ፣ የማይጨምሩ አሉ። ያን ሌሊት ባላሰብነው ሦስተኛ ክፍል አደርን፤ በየከተማው ተደገመ፤ ያተረፍነው መስሎን የነበረው የአራቱ ሌሊት ሦስተኛ ክፍል ሁሉ ዕዳ ሆኖ ተቆጠረ።

ስለዚህ አልጋን በሰው ቁጥር ማካፈል ትቼ በክፍል ቆጠርኩ። ሁለቱ ሴቶች አንድ ባለ ሁለት አልጋ፣ ሁለቱ ወንዶች አንድ ባለ ሁለት አልጋ፣ ሦስተኛው ወንድ አንድ ለብቻው፤ ሦስት ክፍል በየሌሊቱ። ከመነሳታችን ከአሥር ቀን በፊት ለየሆቴሉ ደውዬ አራት ጥያቄ ጠየቅሁ። ባለ ሁለት አልጋ ክፍል ሁለት አላችሁ? የነገራችሁኝ ዋጋ ቫት ጨምሮ ነው? ቁርስ አለው? ግቢ ውስጥ ማቆሚያ አለ? ሁለተኛው ጥያቄ ከሁሉ ይበልጣል። ሐዋሳ 2,500፣ አርባ ምንጭ 2,200፣ ሶዶ 1,500 ብር፣ ሁሉም ቫቱን ጨምሮ ተስማማን። ለሦስት ክፍል ሐዋሳ 7,500፣ አርባ ምንጭ ሁለት ሌሊት 13,200፣ ሶዶ 4,500፤ በድምሩ 25,200 ብር። በዓል ወይም የምረቃ ሰሞን ከሆነ ግን ይህ ሁሉ ቁጥር አይሠራም፤ ዋጋውም ይንራል፣ ክፍሉም አይገኝም። ቀኑን መምረጥ ከቻላችሁ ያንን ሰሞን ሽሹት።

ወደ ምግቡ ስመጣ በመጀመሪያ በሜኑው ላይ ስለተጻፈው ዋጋ ልናገር። የተሻሉ ሆቴሎች ሜኑ ግርጌ ላይ በደቃቅ ፊደል የአገልግሎት ክፍያና ቫት እንዳልተጨመረ ይጻፋል። አገልግሎቱ አሥር በመቶ፣ ቫቱ ደግሞ በድምሩ ላይ አሥራ አምስት በመቶ ነው። 400 ብር የሚል ምግብ አገልግሎቱ ሲጨመር 440፣ ቫቱ ሲጨመር 506 ይሆናል። ያለው ልዩነት ሩብ ያህል ነው፤ አምስት ሰው አምስት ቀን ሲበላበት የአንድ ሌሊት አልጋ ይገዛል። በትንንሾቹ ምግብ ቤቶች ይህ ጭማሪ የለም፣ ወይም ዋጋው ውስጥ ገብቷል። ስለዚህ ለአንድ ሰው ለአንድ ምሳ ወይም እራት 500 ብር ስይዝ የሜኑ ዋጋው 400 የሆነውን ምግብ ማሰቤ ነው።

ሁለተኛው ነገር ቀን ሳይሆን ማዕድ መቁጠር ነው። «አምስት ቀን ነው፣ በቀን ይህን ያህል» ያለ ሰው የመጀመሪያውን ቀን ቁርስ እቤቱ እንደሚበላ፣ የመጨረሻውን እራት ደግሞ ከቤተሰቡ ጋር እንደሚበላ ይረሳል፤ ሆቴሉ የሚሰጠውንም ቁርስ ሁለት ጊዜ ይቆጥራል። እኛ ስንቆጥር አምስት ምሳና አራት እራት፣ በድምሩ ዘጠኝ ማዕድ ሆነ፤ ለሰው 4,500 ብር። ሐዋሳና አርባ ምንጭ ቁርስ ያለው አልጋ ስለያዝን ከኪስ የሚወጣው የሶዶው ቁርስ ብቻ ነው፤ 200። ለቡና፣ ለውኃና ለመንገድ ፍራፍሬ በቀን 200፣ ለአምስት ቀን 1,000። ለአንድ ሰው 5,700፣ ለአምስታችን 28,500 ብር። ውኃውን በእሽግ ከአዲስ አበባ ገዝተን ስለጫንን ከዚህ ላይ ተረፈ።

ሦስተኛው ነገር በሌላ አገር ሂሳብ ላይ የማይገኝ፣ በእኛ ግን ያለ ነው፤ ማን ምን ይበላል። የተነሳነው ረቡዕ ነበር። ሦስታችን እንጾማለን፤ አንዱ ጓደኛችን ሙስሊም ነው፣ የክርስቲያን ሥጋ አይበላም፤ አንዷ ፕሮቴስታንት ናት፣ ሁሉን ትበላለች። «አንድ ትልቅ ትሪ እናዛለን፣ ርካሽ ይሆናል» የሚለው የመጀመሪያ ሐሳባችን በመጀመሪያው ምሳ ላይ ፈረሰ። አንድ በያይነቱ ለሦስት፣ አንድ አሳ ለሁለት፣ በዓርቡም እንደገና። በትሪ የሚገኘውን ቅናሽ ስለዚህ በግምታችሁ ውስጥ አታስገቡት፤ ለየሰው አንድ ምግብ ብላችሁ ያዙ። ሐዋሳ አሞራ ገደል ላይ ከሐይቁ የወጣ ትኩስ አሳ በልተን ያልጾሙት ሁለቱ ከሁላችንም በትንሽ ብር በደንብ የጠገቡበት ቀንም ነበር። የማይጠጣ ሰው ባለበት ቡድን ውስጥ ደግሞ ቢራና ወይን ከጋራው ገንዘብ እንዳይከፈል ተስማማን፤ የጠጣ ከኪሱ ይከፍላል። ይህቺን አንዲት ስምምነት ከመነሳት በፊት መናገር ትንሽ ታሳፍራለች፤ ሁለት ማታ ካለፈ በኋላ ግን ጨርሶ አትነገርም።

ለመጎብኘት 9,000 ብር ያዝን፦ ጫሞ ላይ አዞና ጉማሬ ለማየት ጀልባ፣ አስጎብኚ፣ ዶርዜ መንደር መግቢያና ለሽመናው ማሳያ የሚሰጥ። ጀልባ በሰው ሳይሆን በጀልባ እንደሚከፈል አትርሱ፤ ሁለትም ሁኑ አምስት ዋጋው ያው ነው። ስለዚህ ሌላ ትንሽ ቡድን መነሻው ላይ ካገኛችሁ ጀልባውን ተካፈሉ። እኛ ከአንድ ባልና ሚስት ጋር ተካፍለን ሄድን።

የቀረው መኪናው ነው፤ ስለ እሱ አጥብቄ የምናገረው ነገር አለኝ። መኪናውን ያመጣ ሰው ነዳጅ ተካፍሎለት ብቻ ከሄደ ጓደኞቹ እየበደሉት ነው። የሞተር ዘይት በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ይለወጣል፤ ለባለቤቷ ዘይቱና ፊልትሮው 6,000 ብር ያስወጣታል። የእኛ ጉዞ የዚያ ሩብ ስለሆነ 1,500 ብር የእኛ ነው። አራት ጎማ በ60,000 ብር ገዝታ 40,000 ኪሎ ሜትር ቢሄድላት፣ በኪሎ ሜትር አንድ ብር ከሃምሳ ነው፤ ለ1,220 ኪሎ ሜትር 1,830። በድምሩ 3,300 ብር ገደማ ለመኪናዋ ብለን በሂሳቡ ውስጥ እንደ አልጋና ምግብ አንድ መስመር አድርገን ጻፍነው። «ኧረ ተዉ፣ ምን ነካችሁ!» አለች፤ ይሉኝታ ይዟት ነው። «ለአንቺ አይደለም፣ ለጎማው ነው» አላት ሙስሊሙ ጓደኛችን፤ እንደዚያ ሲባል ተቀበለች።

አሁን ድምሩ። ነዳጅ 16,700፣ መንገድና ማቆሚያ 1,600፣ አልጋ 25,200፣ ምግብ 28,500፣ ጉብኝት 9,000፣ መኪናው 3,300፤ በጠቅላላ 84,300 ብር፣ ለሰው 16,860። በዚህ ላይ አሥር በመቶ መጠባበቂያ 8,400 ጨምረን 92,700 ሆነ፤ ለየሰው 18,540። እሱን ወደ ላይ አድርገን እያንዳንዳችን 19,000 ብር አዋጣን። ለመጠባበቂያው የምሰጠው ምክር፣ ለየመስመሩ ትንሽ ትንሽ እየጨመሩ መደበቅ ሳይሆን ለብቻው መጻፍ ነው። ለብቻው ሲቆም መነካቱን ሁሉም ያያል፤ በየመስመሩ ከተበተነ ግን ጥጋብ ሆኖ ይጠፋል።

ከመነሳታችን ከአንድ ሳምንት በፊት ግን ሂሳቡን የፈተነ ነገር መጣ። ከሁለቱ ሴቶች አንዷ ሐኪም ናት፤ ተረኛ ልትሆን እንደምትችል ነገረችን። «እኔ ከቀረሁ ያው ለአራት ታካፍላላችሁ» አለች። ቁጭ ብዬ አሰላሁት። እሷ ብትቀር ከምግቡ 5,700 ይቀንሳል እንጂ ሌላው እንዳለ ነው። ነዳጁ አይቀንስም፣ ጀልባው አይቀንስም፤ አልጋውም አይቀንስም፣ የቀረችው ሴት ክፍሉን ብቻዋን ትይዘዋለችና። 78,600 ለአራት ሲካፈል 19,650 ነው፤ በእያንዳንዳችን ላይ 2,790 ብር ይጨምራል። አንድ ወንድ ቢቀር ኖሮ ግን አንድ ክፍል ይቀንስ ነበር። የአልጋው ሂሳብ ወደ 16,800 ወርዶ ጠቅላላው 70,200፣ ለሰው 17,550 ይሆናል፤ ጭማሪው 700 ብር እንኳ አይሞላም። የአንድ ሰው መቅረት ዋጋው በማንነቱ ይለያያል ማለት ነው፤ ይህን አስቀድሞ የሚያስበው ሰው ጥቂት ነው።

ለእሷ ሁለቱንም ቁጥር አሳየኋት፤ ከዚያ ሁላችንም በአንድ ነገር ተስማማን። በመጨረሻው ሳምንት የሚቀር ሰው የምግቡና የጉብኝቱ ይመለስለታል፤ የነዳጁና የአልጋው ድርሻው ግን ይቀራል። ሁለቱ ሲደመሩ 41,900፣ ለሰው 8,380 ብር ነው። በቡድን መልእክታችን ላይ ሁሉም «ተስማምቻለሁ» ብሎ ጻፈ። ተረኝነቷን ለባልደረባዋ ቀይራ መጣች፤ ስምምነቱን የጠየቀችው ግን ራሷ ነበረች፣ «የኔ ጉዳይ በእናንተ ላይ እንዳይወድቅ» ብላ።

መንገድ ላይ ገንዘብ ያዡ እንደገና እኔ ሆንኩ፤ ግን በዚህ ጊዜ ከጎኔ አንድ ጸሐፊ ነበረች። እኔ እከፍላለሁ፣ እሷ በትንሽ ደብተር ላይ ትጽፋለች፤ ቀኑን፣ የተከፈለበትን፣ መጠኑን። ማታ ማታ ከእራት በኋላ አሥር ደቂቃ ወስደን በየመስመሩ የገመትነውንና ያወጣነውን ጎን ለጎን እናነባለን። በሁለተኛው ማታ ምግቡ ከግምቱ ወደ 900 ብር እንዳለፈ አየን፤ በማግስቱ ምሳውን በትልቁ ሆቴል ትተን ከተማ ውስጥ ባለ ትንሽ ቤት በላን፤ በሦስተኛው ማታ ተስተካከለ። በመጀመሪያው ጉዞ ይህንኑ ያወቅነው ገንዘቡ ሲያልቅ ነበር። ሌላም ደንብ ነበረን፤ በጋራ ወጪ ላይ ማንም «ዛሬ በእኔ» ብሎ አይቀድምም። ጋባዥ መሆን ያምርብናል፣ ባህላችንም ነው። ነገር ግን አንዱ ከጋበዘ ሌላው ደግሞ መጋበዝ እንዳለበት ይሰማዋል፤ የማይችለው ደግሞ ዝም ብሎ ይጨነቃል። መጋበዝ የፈለገ አዲስ አበባ ስንገባ ይጋብዝ አልን።

በአምስተኛው ቀን አመሻሽ ላይ ደክመን፣ የመኪናዋ ወለል በሙዝ ልጣጭና በአቧራ ተሞልቶ፣ አዲስ አበባ ገባን። ማንንም እቤቱ ሳናደርስ በፊት በመጀመሪያው ቀን ወደ ሞላንበት ማደያ ሄድን። ሞልታ የተነሳች መኪና ሞልታ መመለስ አለባት፤ ያለዚያ የመጨረሻውን መንገድ ነዳጅ ባለቤቷ ብቻዋን ትከፍለዋለች፣ እንደ መጀመሪያው ጊዜ። ከሆሳዕና ወዲህ 26 ሊትር ወሰደች። ከጋራው ገንዘብ ከፈልኩ፤ ጸሐፊዋ የመጨረሻውን መስመር ጽፋ ደመረች፤ 86,900 ብር። ካዋጣነው 95,000 ላይ 8,100 ተረፈ። እዚያው ማደያው አጠገብ፣ የመኪናዋ መብራት እንደበራ፣ ለአራቱም በቴሌብር 1,620 ብር ላክሁ። ስልኮቹ እየተከታተሉ ጮኹ፤ የመኪናዋ ባለቤት መልእክቷን አንብባ ሞተሩን አስነሳችና ማንን ቀድማ እንደምታደርስ ጠየቀችን።